ሆዷ ተቀዶ ጉሮሮዋን አመማት

አያልነሽ ሆስፒታል የገባችው በሆዷ ነው፤ ይህን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ያውቃል። ሐሞቷ ጠጠር ቋጥሮ ሲያንከባልላት ከርሞ፣ በመጨረሻ ሐኪሞቹ አስተኝተው ሆዷን ቀደዱ፣ ጠጠሩን ከነከረጢቱ አወጡ፣ ሰፍተው በፋሻ ሸፈኑላት። እንግዲህ በዓለም ሥርዓት ሆዱን የተቀደደ ሰው ሲነቃ "ሆዴን!" ነው የሚለው። አያልነሽ ግን በማግስቱ ጠዋት በቅጡ ስትነቃ የያዘችው ጉሮሮዋን ነው።

"ምን ሆንሽ እማ?" አለቻት ልጇ እስከዳር።

አያልነሽ አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም፤ ዘይት የናፈቀው የበር ማጠፊያ ይመስላል። "እሾህ... እሾህ የዋጥሁ ያህል... ምን አደረጉኝ?"

እስከዳር ምን እንዳደረጓት አታውቅም። የምታውቀው ወገቧ የራሷ አለመሆኑን ብቻ ነው። የአስታማሚ አልጋ የሚባለው በሁለት ታማሚዎች አልጋ መካከል የተነጠፈ ካርቶን ነው። የመንዝ ብርድ ደግሞ ካርቶን አያከብርም። ሌሊቱን ሙሉ እናቷ ባቃሰተች ቁጥር ስትነሳ፣ ሽንት ቤት ስታመላልስ፣ ነርስ ስትጠራ አድራ፣ አሁን ዓይኗ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላታል። ዘጠነኛ ክፍል ከገባች ገና ወራት ነው። እዚህ ስትመጣ "ከትምህርት አረፍሁ" ብላ ነበር። እንዲህ ያለ ዕረፍት ለጠላት!

"ውሃ ልስጥሽ?"

አያልነሽ ተቀበለች። አንድ ጉንጭ ስትውጥ ፊቷ ጭምድድ አለ፣ እንባዋ ዱብ አለ። ኩባያውን መለሰችላት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ደህና ነበር። ግን ረፋድ ላይ እትዬ ጌታነሽ ከዘመሮ ደረሱ።

እትዬ ጌታነሽ የባዘዘው ታላቅ እህት ናቸው፤ ባዘዘው ማለት የአያልነሽ ባል፣ የእስከዳር አባት። እሱ ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሮ ዝናብ እንዳይቀድመው ብሎ አገር ቤት ቀርቷል። በእሱ ፋንታ እህቱ መጡ፤ ከእሱ ጋር ቢለኩ ደግሞ እሳቸው ሁለት እጥፍ ናቸው፣ በሰውነትም በቃልም። ገና ከበሩ ላይ፣ "እግዚአብሔር ይማርሽ አያል! እኔ ልታመምልሽ!" ብለው ያዳራሹን ታማሚ ሁሉ ቀሰቀሱ።

አያልነሽ ልትመልስ ሞከረች። ክርር የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ።

"ምነው? ድምፅሽ የት ገባ?"

"ጉሮሮዋን አሟታል፣" አለች እስከዳር። "ውሃም አልወርድ ብሏታል።"

"ጉሮሮ?" እትዬ ጌታነሽ ነጠላቸውን ወደ ትከሻ ወርወር አደረጉ። ይኼን ጊዜ ነገር መጥቷል ማለት ነው። "ስልክሽን አብሪልኝ። አያል፣ አፍሽን ክፈቺ። አአአ በይ!"

እስከዳር የስልኳን ባትሪ አበራች። እትዬ ጌታነሽ ጎንበስ ብለው፣ ላም ስትወልድ እንደሚያይ ሰው፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ፍርድ እንደጨረሰ ዳኛ ሆኗል።

"እንጥሏ ወርዷል።"

እስከዳርም አየች። እውነትም እዚያ ጉሮሮ በር ላይ የምትንጠለጠለው ሥጋ ቀልታለች፣ አብጣለች፣ ረዝማ ምላስ ላይ ልትተኛ ትንሽ ነው የቀራት።

"ወርዳ ወርዳ ምላሷን ነክታለች!" አሉ እትዬ ጌታነሽ። "ሐኪም ሆድ ያውቃል፤ እንጥል አያውቅም። ይኼ የአያ ጫኔ ሥራ ነው።"

አያ ጫኔን የማያውቅ የለም። በፈረስ ጭራ በገመዳት ቀጭን ማነቂያ እንጥል ጎትቶ የሚቆርጥ የጊሼ ሰው ነው። የአገሩን ሕፃን ግማሹን ቆርጧል፤ እስከዳርን ጭምር።

"ነገ ገበያ አይደል? በግ ሊሸጥ ይወርዳል። በዚያው አስጠራዋለሁ። ግቢው በር ላይ ሻይ ቤቱ ጓሮ ብቅ ትልና ትገላገላለች።"

"እትዬ፣ እናቴ እኮ ትናንት ነው የተሰፋችው።"

"ሆዷ ነዋ የተሰፋው! ጉሮሮዋ አልተሰፋ። አንቺንም እኮ በአርባ ቀንሽ ነው ያስቆረጥንሽ፤ ምን ሆንሽ?"

"የእኔንስ ስትቆርጡ ምላሴን ረስታችሁታል።"

"እሱን ነው የቆጨኝ!" አሉ እትዬ ጌታነሽ፤ ከጎን አልጋ ያሉት ሴትዮ ሳቃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ቀበሩት።

አያልነሽ አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ የእትዬ ጌታነሽን እጅ ያዘችና ራሷን ነቀነቀች። ይቆረጥ ማለቷ ነው። ምራቋን በዋጠች ቁጥር እሾህ ከምትውጥ፣ አንዴ ተቆርጦ ቢለቃት መርጣለች። እስከዳር ይህን ስታይ ስልኳን አወጣች። አባቷ ጋ ደወለች። ባዘዘው ከአውድማው ጩኸት ውስጥ፣ "እህቴ ካለች አለች ነው! እሷ ታውቃለች!" ብሎ ዘጋው። ምን ታደርገው።

ትንሽ ቆይቶ ሐኪሙ ነርሶቹን አስከትሎ አልጋ ለአልጋ ሲዞር መጣ።

"እንዴት አደሩ እናቴ? ሕመሙ እንዴት ነው?"

እስከዳር አፏን ስትከፍት ክንዷ ላይ ቁንጥጫ አረፈ፤ የእትዬ ጌታነሽ ቁንጥጫ፣ ጥፍር ያለው። አያልነሽ ደግሞ በሁለት እጇ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፣" የምትል ትንሽ ትንፋሽ አወጣች። ሐኪሙ ፋሻውን አይቶ፣ ሆዷን በቀስታ ነካክቶ፣ ውሃና ሻይ እንዲሁም አጥሚት እንድትጀምር አዝዞ ወደሚቀጥለው አለፈ። ታማሚው ብዙ፣ እሱ አንድ ነው።

"ለምን አልነገርሽውም?" አለች እስከዳር ክንዷን እያሻሸች።

"ነፍሴን ላተረፈ ሰው... ደግሞ ጉሮሮዬ ልበለው?" አለች አያልነሽ በዚያ በማጠፊያ ድምፅዋ። "ደግሞ ቢከፍቱኝስ?"

ነገሩ ይኼ ነው። ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ "እንዴት ነህ" ሲሉት "ደህና" ይላል፤ ይሉኝታ ነው። ሐኪሙም ደህና ነኝ ካለ ሰው ላይ ምን ይፈልጋል? በዚህ መሃል እንጥል ይቆረጣል።

እትዬ ጌታነሽ እስከ ነገ ድረስ እጃቸውን አጣምረው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም። ከቅርጫታቸው የተወቀጠ ፌጦ አወጡ፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ አከሉበት። "ጉሮሮ የሚባል ነገር ከዚህ አያመልጥም። ዋጪው!"

አያልነሽ ታዛዥ ናት፤ ዋጠች። እስከዳር ከልጅነቷ ጀምራ ብዙ ነገር አይታለች፤ እንዲህ ያለ ሳል ግን አላየችም። ፌጦው የተላጠ ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ እናቷ ከአልጋው ብድግ አለች። ሳሉ ሲመጣ የተሰፋው ሆዷ ሊቀደድ ደረሰ፤ ሳል፣ ጩኸት የሌለው ጩኸት፣ ደግሞ ሳል። ነርሷ ሮጣ መጣችና ጋቢውን ጠቅልላ ሆዷ ላይ ደግፋ ያዘችላት። "ሲያስልዎት እንዲህ አቅፈው ይያዙት፣ ስፌቱን ይደግፋል፤" አለቻት። ፋሻውን አየች፤ ስፌቱ ደህና ነው። ፌጦውንም አየች። ለእስከዳር በዓይኗ ወደ ኮሪደሩ ጠቆመቻት። እስከዳር ተከትላት ወጣች።

"ጉሮሮዋ ነው?" አለቻት ነርሷ።

"ጉሮሮዋ ነው! እንጥሏን ሊቆርጡት ነው!"

"ሂጂ በኃይሉን ፈልጊው። ያስተኛት እሱ ነው። ቀዶ ሕክምናው በር ላይ ነው።"

በኃይሉ የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። እስከዳር ስታገኘው ሌላ ታማሚ ከማደንዘዣ አንቅቶ ገና መውጣቱ ነው፤ አረንጓዴ ቆቡ ግንባሩ ላይ መስመር ሠርቶበት፣ አግዳሚ ላይ ጫማውን አውልቆ በአንድ እጁ ዳቦ ይዟል፣ ግን እየበላው አይደለም። እንቅልፍ የወሰደው መስሏት ልትመለስ ነበር።

"ዶክተር..."

"ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ንገሪኝ።"

ነገረችው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ፤ ጉሮሮውን፣ እንጥሉን፣ አያ ጫኔን፣ ፈረስ ጭራውን፣ ፌጦውን። በኃይሉ "ፌጦ" ሲባል ዓይኑን ጨፈነ።

"ሆዷን ነው የቀደዳችሁት፤ ጉሮሮዋ ጋ ምን አላችሁ?" ብላ ጨረሰች። ትንሽ ድፍረት እንደሆነ ገብቷታል፤ ግን የደከመው ሰው ቃል አይመርጥም።

"ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤" አለ በኃይሉ። "ስሚ። እናትሽን ያስተኛናት በእንቅልፍ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱ ጡንቻዋን ሁሉ ያዝላል፤ የምትተነፍስበትንም ጭምር። ስለዚህ እኛ ነን የምንተነፍስላት። ይህን የሚያህል፣" ትንሿን ጣቱን አሳያት፣ "ለስላሳ ቱቦ በአፏ አስገብተን፣ በድምፅ ጅማቶቿ መካከል አሳልፈን አየር ቧንቧዋ ውስጥ እናስቀምጣለን። ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አለው፤ አየሩ እንዳያመልጥ ይነፋል። ቀዶው እስኪያልቅ እዚያው ይቆያል። ስትነቃ እናወጣዋለን። እሷ አታስታውሰውም።"

እስከዳር ሳታስበው ጉሮሮዋን ያዘች።

"ጉሮሮ ደግሞ ስስ ነገር ነው። ቱቦው ይነካካዋል፣ የምንሰጠው አየር ያደርቀዋል፤ ይቀላል፣ ይላጣል። እንጥልን ከተጫነው እንጥልም ያብጣል። ድምፅም የሚጎረንነው ቱቦው በድምፁ ደጅ ስላለፈ ነው። ብዙ ሰው ያመዋል። ሁለት ሦስት ቀን ነው፤ አንዳንዱን እስከ ሳምንት ይቆየዋል፣ ግን በየቀኑ እየቀለለ ነው የሚሄደው።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችኋትም?"

"ነግሬያት ነበር። ከመግባቷ በፊት አጠገቧ ቆሜ ነገርኋት። እሺ፣ እሺ ትላለች። በሆዷ ግን ድንግል ማርያምን ነበር የምታነጋግረው።" ዳቦውን ወረቀት ላይ አኖረው። "ያኔ ላንቺም መንገር ነበረብኝ። ነይ እንሂድ።"

እትዬ ጌታነሽ በኃይሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። ያዩት ልጅ እግር ነው፤ እንቅልፍ ያጣ፣ ጢሙ ያልተላጨ።

"እናቴ፣" አለ በኃይሉ አያልነሽን፣ "ምራቅዎን መዋጥ ያምማል ወይስ ጨርሶ አቅቶዎታል?"

አላቃተኝም አለች ራሷን ወዝውዛ።

"ሲተነፍሱ ያፍናል? ያፏጫል?"

አይደለም።

"ደም ተፉ?"

አይደለም። በኃይሉ በባትሪው ጉሮሮዋን አየ፤ ደረቷንም አዳመጠ። "አብጧል እንጂ አልወረደም። ቱቦው ተጭኖት ነው። በራሱ ይሸሻል።"

"አንተ ልጅ፣" አሉ እትዬ ጌታነሽ፣ "እኔ ስንት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ የወረደ እንጥል አላውቅም?"

"ያውቃሉ እንጂ። ያበጠውን ሁሉ እንቁረጥ ካልን ግን እናቴ፣ ከትናንት ጀምሮ ቆሜ እግሬም አብጧል፤ ለአያ ጫኔ ልስጠው?"

የጎን አልጋዋን ሴትዮ አሁን ጋቢያቸው አላዳናቸውም፤ ሳቃቸው ወጣ። እትዬ ጌታነሽ ብቻ አልሳቁም። በኃይሉም ወዲያው ፊቱን ሰብሰብ አደረገ። "ቀልዱን እንተወው። ያበጠ ሥጋ ሲቆረጥ ብዙ ይደማል። ደሙ ወደ አየር ቧንቧዋ ይወርዳል፤ ታስላለች። ቅድም በፌጦው እንዴት እንዳሳላት አይተዋል። ያንን ሳል ቀኑን ሙሉ ብታስል ይህ ስፌት ምን ይሆናል? ቁስሉስ ቢያመረቅዝ?"

አያልነሽ የሆዷን ጋቢ አጥብቃ አቀፈችው።

"እና ምን ታድርግ? ትጩህ?" አሉ እትዬ ጌታነሽ።

"መጮኽ ክልክል ነው፤" አለ በኃይሉ። "ማንሾካሾክም ቢሆን ጉሮሮ ያደክማል። ስትናገር በቀስታ፣ በጥቂቱ። ውሃ በየጊዜው ጉንጭ ጉንጭ ትበል። ለብ ያለ ሻይ በማር፤ የሚፋጅ አይሁን። ለብ ባለ ውሃ ጥቂት ጨው በጥብጣችሁ ቀና ብላ ትጉመጥመጥና ትትፋው፣ እንዳትውጠው። አጥሚቱን ቀጠን አድርጉላት። ለስፌቱ የሚሰጣት ማስታገሻ ለጉሮሮዋም ይሠራል። ፌጦ፣ በርበሬ፣ አረቄ፣ ጭስ ይቅር። ትንፋሽ ካጠራት፣ ምራቋን መዋጥ ካቃታት፣ ደም ከተፋች፣ ካተኮሳት ወይም ከመሻል ይልቅ ከባሰባት ወዲያው ጥሩኝ። ሳምንት ካለፈውም እንየው።"

"እስከ ነገ!" አሉ እትዬ ጌታነሽ ጣታቸውን ቀስረው። "አያ ጫኔ ከገበያ እስኪወጣ። ካልተሻላት እኔ አላውቅም።"

በኃይሉ አያልነሽን አየ። "ጉሮሮው የእርስዎ ነው፤" አላትና ወደ ዳቦው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ የእስከዳር ነው። ማር ከሻይ ቤቱ ለመነች፤ ሻዩን ስታመጣ ቢፋጅ በኩባያ እየገለበጠች አበረደች፣ ቢቀዘቅዝ ደግሞ ተመልሳ ሄደች። ጨው ውሃውን አያልነሽ መጀመሪያ ዋጠችው፤ ከዚያ ስትጉመጥመጥ ሳቅ ይዟት ግማሹ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። ይኼንንም እስከዳር ጠረገች። ደረጃ ስትወጣ፣ ደረጃ ስትወርድ፣ እግሯ ሌላ ሰው የሰጣት ይመስል ነበር።

"አትናገሪ ተብለሻል፤" ትላታለች እስከዳር፣ እናቷ አፏን ባላቀቀች ቁጥር። "ዕድሜ ልኬን ይኼን ዕለት ስጠብቅ ነው የኖርሁት።"

አያልነሽ በጥፊ ልትላት እጇን ታነሳለች፤ ስፌቱ ይይዛታል፤ ትተዋለች።

እትዬ ጌታነሽ ፊታቸውን አዙረው ጥጥ ይፈትላሉ። አጥሚቱ ሲመጣ ግን ጣታቸውን ነከር አድርገው፣ "ይኼ ይፋጃል፤" አሉና እፍ እፍ አሉበት።

በማግስቱ ስትነቃ አያልነሽ ምራቋን ዋጠች። ቆም አለች። ደግማ ዋጠች። እስከዳር ትንፋሿን ይዛ ታያታለች። እናቷ እጇን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች፤ አለ፣ ግን የትናንቱን ያህል አይደለም። አጥሚቱን እስከ ኩባያው ወገብ ጠጣችው። ድምፅዋ ግን እንደዚያው የበር ማጠፊያ ነው።

"ይኸው!" አሉ እትዬ ጌታነሽ። "ድምፅ የለም። እንጥል ካልተነሳ ድምፅ አይመጣም።"

እና ሄደው አያ ጫኔን ይዘው መጡ። ወደ ሻይ ቤቱ ጓሮ የምትሄድ ስላልሆነች፣ ለጥየቃ በሚገባበት ሰዓት እሱ ራሱ ገባ፤ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ ካፖርቱ በግ በግ የሚሸት። ከደረት ኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ብቅ ብሏል። እስከዳር በአልጋውና በእሱ መካከል ቆመች፤ በኃይሉን ልትጠራ ብትሮጥ እናቷን ጥላ ነው።

"እግዚአብሔር ይማርሽ፤" አለ አያ ጫኔ። "እስቲ አፍሽን ክፈቺና ልይልሽ።"

አያልነሽ አየችው። ጨርቁን አየች። ጋቢውን ሳብ አድርጋ ሆዷ ላይ ደገፈችና ከንፈሯን ገጠመች።

"ክፈቺ አያል፣" አሉ እትዬ ጌታነሽ።

አልከፈተችም።

"ማየት ብቻ ነው!"

ራሷን ወዘወዘች። ከንፈሯ እንደ ተሰፋ ከረጢት ተጣብቋል። የትናንቷ፣ ዋጪው ሲሏት የምትውጠው፣ ደህና ነኝ የምትለው አያልነሽ የት እንደሄደች እንጃ። እስከዳር ገባት፤ የእናቷን ፊት ሳይሆን ሆዷ ላይ የተጠመጠሙትን ሁለት እጆች ስታይ ገባት። ያንን ሳል አትደግመውም። ጉሮሮዋ በቀን ትንሽ በትንሽ ይለቃታል፤ ሆዷ አንዴ ቢቀደድ ግን ተመልሶ የቀዶው ጠረጴዛ ላይ ነው።

አያ ጫኔ ቆየና ካፖርቱን ቆለፈ። "ጌታነሽ፣ እኔ ያልተከፈተ አፍ አልቆርጥም፤" አለ። "በጎቼን ለሰው ሰጥቼ ነው የመጣሁት።" ሄደ።

እትዬ ጌታነሽ ቁጭ አሉ። እሳቸውና አያልነሽ አልተያዩም። ከዚያ እትዬ ጌታነሽ ብድግ ብለው የቀዘቀዘውን ሻይ አነሱ። "ይኼን ማን ይጠጣዋል? በረዶ ሆኗል፤" ብለው እያጉረመረሙ ሊያስሞቁት ወጡ።

ምሳ ሰዓት ላይ በኃይሉ ብቅ አለ። አያልነሽን "እንዴት ነዎት?" ሲላት፣ "ይቆጠቁጠኛል፣ ግን ቀሎኛል፤" አለችው። ደህና ነኝ አላለችም። ጉሮሮዋን አየ፤ እብጠቱ እየሸሸ ነው አለ። ድምፁ ከሕመሙ ኋላ ነው የሚመጣው፣ አታስጨንቁት አለ።

ከሰዓት በኋላ እስከዳር ሻዩን ይዛ እግር ግርጌ ተቀመጠች። ልታቀብላት ስትል ኩባያው ከእጇ ሊወድቅ ዘመም አለ፤ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። አያልነሽ ቀደም ብላ ያዘችው። ከወትሮው የወፈረ፣ ከስሩ የሚጎረንን፣ ግን የሷ የሆነ ድምፅ ወጣ።

"እስከዳር። ካርቶንሽ ላይ ሂጂና ተኚ።"

እስከዳር "አትናገሪ ተብለሻል" ልትላት አፏን ከፈተች። የመጀመሪያው ቃል ላይ ሳትደርስ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ጭንቅላቷን እናቷ እግር ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት።